ታሮት በቴሌግራም፦ ፎቶው ይቅደም ወይስ ጽሑፉ?

የማወራው ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ መድረክ ውስጥ ስላነበብኩት የውይይት ክር ነው። ክሩን የከፈተችው ፍራንክፈርት የምትኖር ልጅ ናት። ታሮት ታነባለች፤ ሥዕል ያለባቸውን ካርታዎች ዘርግታ ለጠያቂው ትተረጉማለች። ለጓደኞቿ ቤት ውስጥ ስታነብ ቆይታ አሁን ሩቅ ላሉ ሰዎች በቴሌግራም መላክ ጀምራለች። ጥያቄዋ አጭር ነው። የካርታው ፎቶ ይቅደም ወይስ ጽሑፉ? ለምን እንደጠየቀች ግን በሰፊው ጽፋለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ታሪክ ዙሪያ ስለሚሽከረከር እሱን ላስቀድም።

በወዳጅ በኩል አንዲት ሴት መጣችላት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው፤ ታድስ ወይስ አገሯ ትግባ፣ የሚያስጨንቃት ይህ ነው። የፍራንክፈርቷ ልጅ ሦስት ካርታ ከግራ ወደ ቀኝ ዘረጋች። ግራው ያለፈው፣ መሀሉ አሁን ያለው፣ ቀኙ ወደፊት ያለው። የምትጠቀመው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችውን፣ በ1909 ለንደን ላይ የወጣውን ነው። ሰባ ስምንቱም ካርታዎች የየራሳቸው ትዕይንት ስላላቸው ታሮትን የማያውቅ ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ የራሱን ታሪክ ይፈጥራል። ጥቅሙም ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው።

በግራ ስምንት ሰይፍ ወጣ። ዓይኗ የተሸፈነ፣ ገላዋ በጨርቅ የተጠፈረ ሴት፣ ዙሪያዋን ሰይፍ ተተክሎ። መሀል ላይ ስድስት ሰይፍ፤ ጀልባ፣ ቀዛፊ፣ ጀርባቸውን የሰጡን እናትና ልጅ። በቀኝ አስር ጽዋ፤ ቀስተ ደመና፣ እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ባልና ሚስት፣ የሚጨፍሩ ሁለት ልጆች፣ ከወዲያ ቤት። ማንም አንባቢ ይህን ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ከጭንቅ ተነስቶ፣ ውሃ ተሻግሮ፣ ቤት የሚገባ ታሪክ ነው።

ልጅቷ ስልኳን ከላይ አድርጋ አነሳችና ላከች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ከሩብ ሰዓት በላይ ጻፈች። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ጊዜ የምታየው ፎቶውንና እየጻፈች እንደሆነ የሚያሳየውን ምልክት ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲደርሳት አልቅሳ ጨርሳ ነበር። ነገሩ ገብቶኛል፣ አትድከሚ የሚል መልስ ላከች፤ ከዚያ ዝም አለች። ልጅቷ ምን እንደነካት አልገባትም። ጽሑፏ በደግነት የተጻፈ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ፎቶው መቅደሙ ይሆን ብላ ነው መድረኩን የጠየቀችው።

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነው። ጸሐፊው ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ይመስላል። ጥያቄውን ትንሽ አልፎ ስለ ብርሃን መከረ። ክብ መብራት ገዝታ ስልኩን መሀሉ ላይ ብትሰካው ፎቶዋ ንጹሕ እንደሚሆን፣ ጥርት ያለ ፎቶ ደግሞ ሰውን እንደማያስደነግጥ ጻፈ። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው እንጃ።

2ኛው ምላሽ የደረሰው ከአዲስ አበባ ነው። ሰውየው ጥያቄውን የሞባይል ካርድ ብሎ ነው የተረዳው። ካርድ ፍቆ ፎቶ እያነሱ መላክ እንደቀረ፣ በቴሌብር በቀጥታ መሙላት እንደሚቀል፣ ፎቶው ደብዘዝ ካለ ቁጥሩን ማንበብ እንደሚያስቸግር አስረዳ። ሦስት ሰዎች የሳቅ ምልክት ሰጡት። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ነገሩ የገባው አይመስለኝም።

3ኛው ላይ ነው ክሩ ፍሬ ያገኘው። ጸሐፊዋ ሜሪላንድ ያሉ፣ መድረኩ ላይ ሁሉም እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው። ለብዙ ዓመት በስልክና በቪዲዮ አንብበዋል። ልጅቷ የላከችውን ፎቶ ለመድረኩ እንድታሳይ ጠየቁና ካዩ በኋላ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ፎቶው ተዘቅዝቆ ነው የሄደው።

ምክንያቱንም ጻፉ። ስልክ ፎቶው በየት በኩል እንደቆመ የሚያውቀው የመሬትን ስበት በሚለካ መሣሪያ ነው። ስልኩን ወደ ጠረጴዛ ደፍተው በጠፍጣፋው ሲይዙት ስበቱ በመስታወቱ ወለል ላይ ወደ የትም አያጋድልም፤ በቀጥታ ወደታች ነው። ያኔ ስልኩ ላዩ የቱ፣ ታቹ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከመደፋቱ በፊት በነበረበት ሁኔታ ይቆያል። ስለዚህ ፎቶው አንዴ ቀና ብሎ፣ አንዴ ተጋድሞ፣ አንዴ ተዘቅዝቆ ይወጣል። አንሺው ራሱ አያስተውልም፤ ጠረጴዛው ፊቱ ነውና ዓይኑ ካርታው ላይ እንጂ ፎቶው ላይ አይደለም።

የፎቶ መዘቅዘቅ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለታሮት ግን ሁለት ጥፋት ነው። አንደኛ፣ ቀና ያለው ካርታ ሁሉ የተገለበጠ መስሎ ይታያል፤ የተገለበጠ ካርታ ደግሞ ብዙ አንባቢዎች ዘንድ ሌላ ፍቺ አለው። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ተራውም ይገለበጣል። በቀኝ የነበረው በግራ ይመጣል። ሴትዮዋ ከግራ ስትጀምር መጀመሪያ ያየችው የተዘቀዘቀ አስር ጽዋ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ የፈረሰ ቤት፣ የተቃወሰ ትዳር የሚል አገኘች። መጨረሻ ላይ፣ ወደፊት ያለው በሚባለው ቦታ፣ የታሰረችዋን ሴት አየች። ከእስር ወደ ቤት የነበረው መንገድ ከፈረሰ ቤት ወደ እስር ሆነ። ሰው ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ሥዕል ምን እንደሚል ማብራራት አያሻም።

እትዬ መፍትሔውንም አልነፈጉም። ስልኩን መጀመሪያ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ካሜራው ላይ ያሉት ምልክቶች ቀና ሲሉ ጠብቆ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ማድረግ። ካነሱ በኋላ ፎቶውን ከፍቶ ማየት፤ ከዞረ ከመላክ በፊት ማዞር። ከካርታዎቹ ግርጌ፣ አንባቢው በተቀመጠበት በኩል፣ ቀን የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ማኖር። ጽሑፉ ከተዘቀዘቀ ፎቶው እንደዞረ ተቀባይዋም ወዲያው ታውቃለች። በእውነት የተገለበጠ ካርታ ካለ ደግሞ በጽሑፍ መናገር፤ ካልተናገሩ ጠያቂዋ ስህተት ይሆን ብላ ትጠራጠራለች።

4ኛው የልጅቷ ራሷ ነው። ፎቶውን እንደገና አይታ እንደደነገጠች፣ ወረቀት አስቀምጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ ጻፈች። ከዚያ እሺ፣ ግን ፎቶው ይቅደም ወይስ ጽሑፉ ብላ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። ደግ አደረገች፤ ባትመልሰው ክሩ የስልክ ጥገና ሊሆን ነበር።

5ኛው ላይ አንድ እርግጠኛ ሰው መጣ። የተገለበጠ ካርታ ማንበብ ከነጭራሹ እንደማያስፈልግ፣ ሁሉንም ቀና አድርገው የሚያነቡ ብዙ ጥሩ አንባቢዎች እንዳሉ ጻፈ። ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን በቪዲዮ ጥሪ የፊት ካሜራ እንደ መስታወት ስለሚገለብጥ ጠያቂው ግራና ቀኙን አዛብቶ እንደሚያይ፣ ስለዚህ ካርታውን ከቀኝ ወደ ግራ መደርደር እንደሚገባ አከለ። በ7ኛው እትዬ በትሕትና አረሙት። በተለመዱት የጥሪ መተግበሪያዎች ላይ እንደ መስታወት የሚታየው ለራስ ብቻ ነው፤ ወዲያ ያለው ሰው ቀናውን ነው የሚያየው። በእሱ ምክር የሚሄድ ሰው ያልነበረ ስህተት ይፈጥራል። የሚጠራጠር ሰው ከታች ስሙ የተጻፈበትን ካርታ፣ ለምሳሌ ፀሐይን ወይም ኮከብን፣ ለካሜራው አሳይቶ ጽሑፉን ወዲያ ያለው ሰው እንዲያነብለት ይጠይቅ። ሰውየው መልስ አልሰጠም። አንብቦ ዝም ያለ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ዝምታ ትልቅ ጨዋነት ነው።

በመሀሉ 6ኛው አለ። አንድ አባት ዘዳግም 18ን ጠቅሰው ሁሉንም ገሠጹ። በግርማ ነው የጻፉት፤ ነገር ግን ልጅቷን ጠንቋይ ብለው ጠሩና ነገሩ ጦፈ። አንዱ ካልወደዱት ክሩን አይክፈቱ አላቸው። ሌላዋ የእሳቸው ትውልድ ሲኒ ሲያስገለብጥ እንደኖረ አስታወሰቻቸው። ልጅቷ አልመለሰችም። እትዬ ብቻ እምነታቸውን እንደሚያከብሩ፣ ጥያቄው ግን የደነገጠች ሴት ነገር መሆኑን ጻፉና አለፉ።

ሲኒ ከተነሳ ዘንድ 8ኛውን ማን ያቆመዋል። ጸሐፊዋ አክስቷ ጅዳ ሆነው አዲስ አበባ ላሉ እህቶቻቸው በኢሞ ሲኒ እንደሚያዩ አወራች። ሲኒው ተደፍቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ካሜራ ውስጥ ይገባል። አክስትየዋ አተላው አይታየኝም፣ ወደ መስኮት ዙሪ፣ አሁን ደግሞ እጀታውን ወደ እኔ እያሉ ግማሽ ሰዓት ያስቸግራሉ። ከታሮት ጋር አይገናኝም የሚል ሰው መጣባት። እኔ ግን ይገናኛል ባይ ነኝ። አክስትየዋ ከመናገራቸው በፊት ሲኒው በየት በኩል እንደቆመ የሚያረጋግጡት ለዚሁ ነው፤ እጀታው የእሳቸው ቁራጭ ወረቀት መሆኑ ነው።

9ኛው ምላሽ የክሩን አየር ቀየረው። የጻፈችው ሳዑዲ ውስጥ ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ሰላምታ የለም። ልጅቷን በቀጥታ ጠየቀቻት፤ ፎቶውን ከመላክሽ በፊት ሴትዮዋ መቀበል ትችል እንደሆነ አጣርተሻል ወይ ነው ነገሩ። ሳዑዲ ውስጥ ጥንቆላ ወንጀል ነው፤ ኤምሬትስም እንደዚያው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልኳ የሷ ብቻ አይደለም። አሠሪዎች ይከፍቱታል፣ አንዳንዴ ቀን ቀን ይይዙታል። ሰይፍና የታሰረች ሴት ያለበት ሥዕል፣ ባልታወቀ ቋንቋ ከተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ጋር ሲገኝ ማን ያስረዳላታል? ፍራንክፈርት ተቀምጦ ስለ ብርሃን መጨነቅ ቅንጦት እንደሆነ ጽፋ ጨረሰች።

ቃሏ ጠንከር ያለ ነው፤ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነገር እሱ ነው። በ10ኛው ልጅቷ እንዳልጠየቀች አመነች። በ11ኛው እትዬ እሳቸው ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሚጽፍላቸው ሰው ፎቶ እንደማይልኩ ተናገሩ። ካርታውን በቃል ይሥላሉ። ጀልባ አለ፣ አንዲት እናት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፣ ከፊታቸው ዳርቻ ይታያል እያሉ። መልእክቱ ከተነበበ በኋላ ቴሌግራም ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚፈቅድ ሁለቱም ዘንድ እንዲጠፋ ያደርጋሉ። መጀመሪያም ለብቻሽ ነሽ ወይ፣ ስንት ሰዓት ይመችሻል ብለው ይጠይቃሉ። ዱባይ ላለ ሰው የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራ ብዙዎቹ በቦቲም እንደሚደውሉም ጨመሩ።

12ኛው ከካርታ ምንም የማያውቅ፣ ፎቶ ማንሳት የሚያውቅ ሰው ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ጥቅሙ የጎላ አጭር ምላሽ ይህ ነው። የ1ኛውን ክብ መብራት ውድቅ አደረገ። ካርታው በላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ያብረቀርቃል። መብራቱ ከሌንሱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆነ ቀለበቱ ራሱ ነጭ ክብ ሆኖ ካርታው ላይ ይታያል። ብርሃኑ ከጎን፣ ከመስኮት መምጣት አለበት፤ የጣሪያው አምፖልና የስልኩ ፍላሽ ይጥፉ። ስልኩን በጣም አያስጠጉ፤ ጥላው ካርታው ላይ ይወድቃል፣ ዳርዳሩም ይጎብጣል። ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት እጥፍ አጉልቶ ማንሳት ይሻላል።

ጥቁር ጨርቅ ላይ ለሚዘረጉም አንድ ነገር አለው። ስልኩ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር የካርታው ነጭ ጠርዝ ይነጣል፣ ደብዘዝ ያሉት ቀለሞችም ይጠፋሉ። ካርታው ላይ ነክቶ ብርሃኑን ወደታች መጎተት ነው። ይህን ሲያነቡ እትዬ ተደስተው አስር ሰይፍን ጠቀሱ። ጀርባው ላይ አስር ሰይፍ የተተከለበት ሰው፣ ጥቁር ሰማይ፤ ከአድማሱ ላይ ግን ቢጫ ብርሃን አለ። አንባቢው ጠያቂውን የሚያጽናናው በዚያች ቢጫ ነው። ፎቶው ላይ ከነጣች የቀረው ሬሳ ብቻ ነው። የሞት ካርታም እንደዚሁ፤ በነጭ ፈረስ ከተቀመጠው አጽም ወዲያ፣ በስተቀኝ፣ በሁለት ግንቦች መሀል ፀሐይ አለች። ጠርዙን አጥብቆ የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እሷን ነው።

ይኸው ፎቶ አንሺ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው እንደ ፋይል የሚልኩ አሉ። ፋይል ሆኖ የተላከ ፎቶ ግን የተነሳበትን ቦታ ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት የአንባቢዋ ቤት የት እንደሆነ ይታወቃል። ለማታውቀው ሰው የምትልክ ሴት ይህን ማወቅ አለባት። የካሜራውን የቦታ ፈቃድ ማጥፋት ወይም በተለመደው መንገድ መላክ ነው። ሦስት ካርታ ለማየት ያነሰው ፎቶም ይበቃል።

የክብ መብራቱ ሰው በ13ኛው ተቀይሞ መጣ። እሱ የሚያነሳው ቀለበት እንደማይታይበት፣ ሰው ሳያይ እንደሚያርመው ጻፈ። በኋላ ሲጠየቅ የእሱ ካርታ የማያብረቀርቅ ወረቀት መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን አላሉትም።

ከ14ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ልጅቷ ጥያቄ ተመለሰ። እትዬ መልሳቸውን በዝርዝር ሰጡ። ፊት ለፊት ስትቀመጡ ጠያቂዋ ካርታውንና ፊትሽን አንድ ላይ ነው የምታየው። ስምንት ሰይፍ ሲወጣ አንቺ ካልደነገጥሽ እሷም አትደነግጥም። በጽሑፍ ግን ካርታው ብቻውን ይደርሳል፤ ፊትሽ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው የሚከተለው። እሳቸው ስለዚህ ሁሉን ነገር መጀመሪያ ማስታወሻ ላይ ይጽፋሉ። ጮክ ብለው ለራሳቸው ያነቡታል፤ አፋቸው ላይ የሚከብደውን ይቀይራሉ። ከዚያ ነው ፎቶውን፣ የመጀመሪያውን ካርታ ንባብ ከሥሩ አድርገው፣ በአንድ መልእክት የሚልኩት። ቴሌግራም ከፎቶ ሥር 1024 ፊደል ይፈቅዳል፤ ለአንድ ካርታ ይተርፋል። ሌላው ካርታ በሌላ መልእክት ይሄዳል፣ እሷ ለመጀመሪያው መልስ ከሰጠች በኋላ።

ስለ ስምንት ሰይፍ ራሱ እንዴት እንደሚጽፉም አሳዩ። በካርታው ስም አይጀምሩም። በሥዕሉ ይጀምራሉ፤ ከሥዕሉም ጠያቂዋ ቶሎ ከማታየው ቦታ። ሴትዮዋ ዓይኗ ተሸፍኗል፣ ክንዷ ተጠፍሯል፤ እግሮቿ ግን አልታሰሩም፤ ሰይፎቹም ከፊቷ አልዘጉባትም። ከዚያ ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ያስከትላሉ፤ አልችልም ብለሽ የተውሽው ግን ሞክረሽ የማታውቂው ነገር ይኖር ይሆን የሚል ዓይነት። ኮንትራቱን አድሺ ወይም ተይው አይሉም። ደመወዝ የተያዘባት፣ ፓስፖርት የተነጠቀባት ከሆነ ካርታውን አጥፈው ወደ ቆንስላው እንድትደውል ይነግሯታል። የኮንትራት ጉዳይ ወረቀት አለው፣ ካርታ አያድሰውም።

15ኛው ተቃወመ፤ ክርክሩም የጦፈው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው አንባቢ ሳይሆን ጠያቂ ነው፤ በገንዘቡ አስነብቦ ያውቃል። ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ከፎቶ ጋር ሲመጣለት ካርታው የተመረጠለት፣ ንባቡም ከሌላ ሰው የተገለበጠ ይመስለዋል። እሱ የሚፈልገው ካርታው በወጣበት ደቂቃ ፎቶው እንዲመጣ ነው፤ ቢያስደነግጠውም የራሱ ጉዳይ ነው። ሁለት ሰው ደገፈው። አንዷ ደግሞ የደነገጠ ሰው አጠገብ ካልሆንሽ የራሱ ጉዳይ ማለት ጭካኔ ነው አለች። 9ኛዋ ተመልሳ መጥታ እሱን ጠቅሳ፣ ሁሉ ሰው እንደሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ እንደማያስነብብ ጻፈች። ስለታም ናት ይህች ልጅ።

እትዬ እንደ ማስታረቂያ ቪዲዮ አመጡ። ለሚጠራጠር ሰው ቪዲዮ ይሻላል፤ ሲበወዝ ያያል። የእሳቸው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊታቸው ይታያል፤ ሰላምታ፣ የቤተሰብ ደህንነት፣ ጥያቄው። ከዚያ ስልኩ ከላይ ባለው የስልክ መያዣ ላይ ይሰቀልና በጀርባው ካሜራ ጠረጴዛው ይታያል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ሁሌም በምስሉ ውስጥ ናቸው። ሲጨርሱ ሳይመለሱ አይዘጉም፤ የመጨረሻው የሚታየው ፊት ነው እንጂ ካርታ አይደለም። ዝም ሲሉ ደግሞ እያየሁ ነው ይላሉ። መተግበሪያው ኮሽታን ሁሉ ስለሚያጠፋ ዝምታቸው ወዲያ ማዶ መስመሩ የተቆረጠ ያስመስለዋል።

በ17ኛው ከባሕር ዳር አንዷ ኔትወርኩን አስታወሰች። ምስሉ ግንብ የሚባለው ካርታ ላይ፣ መብረቅ መትቶት ሰዎች ሲወድቁ በሚታይበት ላይ ደርቆ ቀርቶባት፣ ጥሪው ሳይመለስ መብራት ጠፋ። ማታውን ሙሉ አልተኛችም። ከዚያ ወዲህ ከአንባቢዋ ጋር ውል አላቸው። ጥሪው ከተቋረጠ ካርታው ምን እንደሆነ ወዲያው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይመጣል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም።

የድምፅ መልእክት ይሻላል የሚል በ18ኛው መጣ። ድምፅ ይሞቃል፣ ለእናቶችም ይቀላል፤ እሱ ለእናቱ ጓደኞች የሚልከው በድምፅ ብቻ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ከላይ ያለውን ያላነበበ ይመስላል። ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ቆማ የምትሰማ ሴት ጆሮ ማዳመጫ ከሌላት ድምፁን ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ሌላ ሰው ደግሞ ጽሑፍ ሌሊት ተነስቶ እንደገና ይነበባል፣ ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ቃል በድምፅ ከተነገረው ይልቅ በጽሑፍ ይከፋል አለ። በዚያው ማንን አንቺ፣ ማንን እርስዎ ማለት ይገባል የሚል ክርክር ተነሳ። ለማያውቁት ሰው በእርስዎ ጀምሮ ራሱ ጠያቂው እስኪያላላው መጠበቅ ይሻላል የሚለው ወገን በዛ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

19ኛው፣ 20ኛውና 21ኛው ስለ ዋጋ ነው። ይለፉ። አንዱ በሦስት ካርታ ስንት እንደሚጠየቅ ሲጠይቅ ሌላው ሰዉን አታልሎ የሚበላ ሙያ ብሎ ሰደበ፤ የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱንም ሰረዘ።

በ22ኛው የፍራንክፈርቷ ልጅ ውጤቱን ይዛ መጣች። ለሴትዮዋ በአጭሩ ጽፋ፣ ፎቶው ተዘቅዝቆ እንደሄደና ተራው እንደተገለበጠ ነግራታለች። ፎቶውን ከሁለቱም ወገን አጥፍታዋለች። መቼ እንደሚመቻት ጠይቃ፣ አርብ ማታ ሦስቱን ካርታዎች በቃል ሣለችላት፤ አንድ በአንድ፣ መልስ እየጠበቀች። ሴትዮዋ ስለ እግሮቹ ስታነብ ብዙ ጻፈች። ያለፈውን ዓመት ቤቱን ልትለውጥ አስባ ለኤጀንሲው ደውላ እንኳ እንደማታውቅ ነገረቻት። ስለ ኮንትራቱ ገና አልወሰነችም። ልጅቷ በዚያ አልተከፋችም።

15ኛው ሰው ግን አልተረታም። በ23ኛው፣ ያለ ፎቶ በቃል ብቻ የተሣለ ካርታ እሱ ዘንድ ካርታ እንዳልሆነ፣ አንባቢዋ የፈለገችውን ልትሥል እንደምትችል ጻፈ። እትዬ በዚህ እንደማይጣሉት፣ አደጋ ለሌለበት ሰው እሳቸውም ፎቶ እንደሚልኩ መለሱ። በ24ኛው የተጻፈ አዲስ ጥያቄ አለ፤ ጠያቂዋ የራሷ ካርታ ቤቷ አለ፣ እሷ በውዛ አውጥታ ፎቶ ልካ ሌላ ሰው ቢያነብላት የተገለበጠው በማን በኩል ይቆጠራል የሚል ነው። እስካሁን ማንም አልመለሰላትም።